ተኑ ያው ነው፦ ስለ ጠዋት ጉም የአድማጮች ጥያቄና መልስ

መስከረም ሲጠባ ስልካችን በጉም ጥያቄ ይጨናነቃል። ዘንድሮም አልቀረልንም። ከከተማው ዳር ዳር የደወላችሁትን እንደ አመጣጣችሁ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልለምን፦ የሙቀት መጠኑን ሳትጠይቁ የእርጥበት ፐርሰንት ብቻ ይዛችሁ አትምጡብኝ።

«ቀን ላይ ፀሐይ ሞቅ አድርጋን ትውላለች። ሲነጋ ግን የጎረቤቴን አጥር አላየውም። ይህ ሁሉ ጉም በአንድ ሌሊት ከየት መጣ?» (ከሱሉልታ)

ከየትም አልመጣም እናቴ፤ ቀኑንም እዚያው ነበር። በዓይን የማይታይ የውሃ ተን ሆኖ ነው የዋለው።

በቁጥር እንየው። የአየር ግፊት የሚባለው የብዙ ጋዞች ግፊት ድምር ነው። የናይትሮጅን ድርሻ አለ፣ የኦክስጅን ድርሻ አለ፣ ትንሽ ደግሞ የውሃ ተን ድርሻ አለ። ይቺን የተኑን ድርሻ በሄክቶፓስካል እንለካታለን። ለእያንዳንዱ የሙቀት መጠን ደግሞ ተኑ ሊደርስበት የሚችል ጣሪያ አለ። በ20 ዲግሪ ጣሪያው 23.4 ነው። በ10 ዲግሪ 12.3፣ በ8 ዲግሪ 10.7 ይሆናል። እየበረደ ሲሄድ ጣሪያው ይወርዳል።

አሁን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደጅዎ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 50 በመቶ ነው እንበል። 50 በመቶ ማለት የጣሪያው ግማሽ ማለት ነው፤ ስለዚህ የተኑ ግፊት 11.7 ነው። ፀሐይ ገባች፣ ሰማዩ ጠራ፣ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ቀዘቀዘ። ተኑ ግን ያው 11.7 ነው። ሙቀቱ ወርዶ 9 ዲግሪ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ጣሪያው ራሱ 11.7 ይሆናል። ያቺ ሙቀት የጤዛ ነጥብ ትባላለች። ሌሊቱ ከዚያም አልፎ 8 ዲግሪ ሲገባ ጣሪያው 10.7 ላይ ነው። የተረፈችው አንድ ሄክቶፓስካል መሄጃ የላትም። ከፊሏ ሣሩ ላይ ጤዛ ሆና ትቀመጣለች፤ ከፊሏ አየሩ ውስጥ ባለው አቧራና ጭስ ላይ እየተጠጋች ጥቃቅን ጠብታ ትሆናለች።

እና ይህ ሁሉ ጉም በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ውሃው አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። በየሜትር ኩቡ የሻይ ማንኪያ ሩብ የማይሞላ ውሃ ነው የጎረቤትዎን አጥር የሸፈነው።

ሱሉልታን የሚብሰው ሜዳው በተራራ የተከበበ ስለሆነ ነው። ብርድ አየር ከባድ ነው፤ ሌሊት ከዳገቱ እየተንሸራተተ ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ክረምት ያጠገበው መሬት ደግሞ ተኑን ሲያቀብል ይውላል።

«ነገ ጉም ይኖር እንደሆነ ማታ ላይ ማወቅ ይቻላል? መሣሪያ የለኝም።» (ከሰበታ)

ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳና ቴርሞሜትር ካለህ ይበቃሃል። ጣሳውን ከውጭ ወልውለህ ግማሹን ውሃ ሙላው። ደጅ አስቀምጠው፣ ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ ክተት፣ በረዶ ቁራጭ በቁራጭ እየጨመርክ አማስል። የጣሳው ውጫዊ ገጽ ድንገት የሚደበዝዝበት ቅጽበት አለ፤ በጣትህ ብትነካው አሻራህ ይቀራል። ያኔ ቴርሞሜትሩ የሚያሳይህ የጤዛ ነጥብህን ነው። ታዲያ ጣሳው ላይ አትተንፍስ፤ የራስህን ትንፋሽ ትለካለህ።

10 ዲግሪ አገኘህ እንበል። ሰፈርህ በዚህ ሰሞን ንጋት ላይ 8 የሚገባ ከሆነ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ፣ ነፋሱም የተኛ ከሆነ ጉም ጠብቅ። ደመና ካለ መሬቱን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል፤ ብዙም አይቀዘቅዝም። ነፋስ ከበረታም ከላይ ያለውን ደረቅ አየር እያወረደ ይበትነዋል።

«ስልኬ ጠዋት እርጥበት 95 በመቶ ይለኛል፣ ከሰዓት 44። ውሃው የት ሄደ?» (ከቡራዩ)

የትም። ጠዋት 8 ዲግሪ ላይ 95 በመቶ ማለት 10.2 ሄክቶፓስካል ነው። ከሰዓት ያው 10.2 በ20 ዲግሪ ጣሪያ ሲካፈል 44 በመቶ ገደማ ይመጣል። ተኑ ያው ነው፤ የተለወጠው ጣሪያው ነው። ፐርሰንት ብቻ አትመኑ የምለው ለዚህ ነው።

«ታኅሣሥ ከመስከረም የበለጠ ይበርደናል። ጉሙ ግን የለም። ብርድ ነው ጉም የሚያመጣው ብለውን አልነበር?» (ከሰንዳፋ)

ብርድ ብቻውን አያመጣም። ታኅሣሥ ከሰዓት 22 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 25 በመቶ ቢሆን የተኑ ግፊት 6.6 ብቻ ነው። የጤዛ ነጥቡ 1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ንጋት ላይ 4 ዲግሪ ሆኖ ጥርስዎ ቢንቀጫቀጭም ገና ሦስት ዲግሪ ይቀራል፤ እርጥበቱ 80 በመቶ አካባቢ ላይ ይቆማል። አየሩ ከዚህም ደረቅ ከሆነ የጤዛ ነጥቡ ከዜሮ በታች ይገባል። ያኔ ሣሩ እስከዚያ ድረስ ከቀዘቀዘ ተኑ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ሆኖ ሣሩ ላይ ይነጥፋል። ውርጭ ያልነው እሱን ነው።

«እኛ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። የውጭ አገር ሠንጠረዥ ይሠራልናል?» (ከለገጣፎ)

ይሠራል። የተኑ ጣሪያ የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በከፍታ አይደለም።

«ክረምት የእኛ ጉም እስከ እኩለ ቀን አይለቅም። የሱሉልታው ሦስት ሰዓት ላይ ይጠፋል ይባላል።» (ከእንጦጦ ግርጌ)

የእናንተው ደመና ነው። እርጥብ አየር ዳገቱን ሲወጣ ይቀዘቅዝና የጤዛ ነጥቡ ላይ ይደርሳል። ከታች ላየው ደመና፣ ውስጡ ላለ ሰው ጉም። ነፋሱ እየገፋ እስካመጣው ድረስ ፀሐይ መሬቱን ማሞቅ ስለማትችል ቶሎ አይለቅም።

«ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ ሚኒባስ እነዳለሁ። ጠዋት የፊት መስታወቱ ከውስጥ ላብ እየያዘ በፎጣ እየጠረግኩ ነው የምሄደው። ተሳፋሪ መስኮት አያስከፍትም። መስታወት ላይ የሚቀባ ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

የሚቀባውን ተወው። አንተን ዛሬ በደንብ ነው የምቆጣህ።

እኔም በዚያ መንገድ ሄጃለሁ። ጋቢና ነበርኩ። ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ፎጣ ይዞ፣ የጠረጋት ክብ ቀዳዳ ቡጢ አታክልም። በዚያች ቀዳዳ ነው ቁልቁለቱን የምንወርደው። ሦስት ጊዜ ጠረገ፣ ሦስቴም ተመልሶ ተሸፈነ። ከኋላ አንዲት እናት «ልጄ፣ ብርድ አስመታኸኝ» ብለው መስኮቱን አዘጉ። ጭራሽ ባሰው።

ለምን ይብሳል? ከሳንባ የሚወጣ ትንፋሽ ሞቃትና በተን የተሞላ ነው። 12 ሰው በተዘጋ መኪና ሲተነፍስ የተኑ ግፊት ይከማቻል። 16 ሄክቶፓስካል ደረሰ እንበል፤ የጤዛ ነጥቡ 14 ዲግሪ ሆነ ማለት ነው። መስታወትህ ከውጭ በ8 ዲግሪ ጉም እየተመታ 10 ዲግሪ ላይ ነው። 14 ዲግሪ የጤዛ ነጥብ ያለው አየር 10 ዲግሪ መስታወት ሲነካ ላብ መያዙ አይቀርም። አንተ በፎጣ ውሃውን ታነሳለህ እንጂ ተኑ ጋ አልደረስክም። ለዚያ ነው በደቂቃ ተመልሶ የሚመጣው።

መፍትሔው መስኮት መክፈት ነው። «ደጁ ጉም፣ እርጥበቱ 100 በመቶ! ጉም ላስገባ?» ትለኛለህ። አዎ፣ አስገባ። ፐርሰንት አትመን አላልኩም? የደጁ አየር በ8 ዲግሪ 100 በመቶ ቢሆንም ተኑ 10.7 ብቻ ነው። የመኪናህ 16 ነው። ያንኑ የጉም አየር በማሞቂያ 20 ዲግሪ ስታደርሰው እርጥበቱ 46 በመቶ ይሆናል። መስታወቱን ያደርቅልሃል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ሰው ከመጫንህ በፊት ሞተሩን አሙቀውና ማሞቂያውን ወደ ፊት መስታወቱ አዙረው። ቀስቱ መኪናው ውስጥ የሚዞርበት ምልክት ያለውን ቁልፍ አጥፋው፤ የውጭ አየር ይግባ። እሱ የሰውን ትንፋሽ መልሶ መላልሶ ነው የሚያዞርልህ። ኤሲ ካለህ ከማሞቂያው ጋር አብረህ ክፈተው፤ ተኑን ቀዝቃዛ ቱቦ ላይ ውሃ አድርጎ ከመኪናው ሥር ያንጠባጥበዋል። ከፊትና ከኋላ ሁለት መስኮት ሁለት ጣት ያህል ይከፈት። ተሳፋሪው ቢያጉረመርም ያጉረምርም፤ ጋቢ ይልበስ። እንዲህም አድርገህ ካልጠራልህ ዳር ይዘህ ቁም። ማሞቂያው የማይሞቅ ከሆነ ደግሞ መካኒክ ጋ ሂድ እንጂ ፎጣ አትቀይር።

ላቡ ከውስጥ ይሁን ከውጭ ካላወቅክ መጥረጊያውን አንድ ጊዜ አስኪደው። ከጠራ የውጭ ነው።

ሌላም አለ። ጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት የምታበሩ ሁሉ ስሙ። ጠብታዎቹ መብራቱን ወደ ራስህ ዓይን ይመልሱታል፤ ፊትህ ነጭ ግድግዳ ይሆናል። አጭሩን አብራ፣ ፍጥነት ቀንስ። ረጅሙን አጥፉት። ነገ ጠዋትም አጥፉት።

«የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ሌሊት ይረጥባል። ማታ ከሰል አስገብቼ ላድርቀው?» (ከገፈርሳ)

በፍጹም! በተዘጋ ክፍል ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ጋዝ ያመነጫል፤ ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ አሉ። ደግሞም አያደርቅልሽም። ክፍሉን ሲያሞቀው ፐርሰንቱ ይወርዳል፣ ተኑ ግን አይቀንስም፤ ከሰሉ ሲጠፋ እንደገና ግድግዳው ላይ ይወጣል። ቀን ላይ መስኮት ክፈቺ፣ ልብስ ውስጥ አታስጪ፣ አልጋውን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጊ። እስካሁን ከሰል እያስገባሽ ቤተሰቡን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካመመው ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።

«ጉም በሰነበተ ቁጥር የድንቼ ቅጠል ይጠቁራል። ምን ልርጭ?» (ከሆለታ)

ቅጠሉ ለረጅም ሰዓት እርጥብ ሆኖ ሲያድር ሻጋታ እንደሚመቸው አውቃለሁ። መድኃኒቱ ግን የእኔ ሙያ አይደለም። የጠቆረውን ቅጠል ላስቲክ ውስጥ ይክተቱና ነገ ጠዋት ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያሳዩት። ጉሙ ከለቀቀ በኋላ ይሂዱ።