የወረቀቱ ጀርባ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ቤት ሳጸዳ የዩኒቨርሲቲ ወረቀቶቼን የያዘ ፌስታል አገኘሁ። ከመካከላቸው አንድ ማመልከቻ አለ፤ ሁለት ጊዜ የተጻፈ። የመጀመሪያውን ሳነበው አፈርኩ። ሁለተኛውን ግን ላነብላችሁ ፈልጌአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ የምርምር ዘዴ ኮርስ ነበረን። ትልቁ አሳይመንት ከ30 ይያዛል። ሰርቼ አስገባሁ፣ ተመለሰልኝ፣ 14። አሳይመንቱ ሲሰጠን የማረሚያ ሰንጠረዥ ነበረው፣ እኛ ሩብሪክ የምንለው። የችግሩ አቀራረብ 5፣ የቀደሙ ጥናቶች ቅኝት 10፣ የጥናቱ ዘዴ 10፣ ማጣቀሻ 5። እኔ ያገኘሁት በቅደም ተከተል 4፣ 3፣ 5 እና 2 ነው።

በዚያው ማታ ዶርም ውስጥ ማመልከቻ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል! ስንት ሌሊት እንዳልተኛሁ፣ አባቴ ጡረተኛ እንደሆነ፣ ከእኔ ያነሰ የሠራች ጓደኛዬ 26 እንዳገኘች፣ መምህሩ «በትክክል እንዳላነበቡልኝ»። መጨረሻው ላይ «ስለዚህ በታላቅ ትህትና ውጤቴ ይታይልኝ ስል አመለክታለሁ»። ከስር ደግሞ «ግልባጭ፦ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ»።

ደግነቱ ቅዳሜ አጎቴ ቤት ሄድኩ። አጎቴን ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ለሰው ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ከዚያ፣

«ልጄ፣ ይህን ያነበበ ሰው ያዝንልሻል። ግን ምን ያድርግልሽ?» አሉኝ።

«ይዩልኛ!»

«አይተው ‹አየሁት፣ 14 ነው› ቢሉሽስ? የጠየቅሽውን አደረጉልሽ እኮ።»

ዝም አልኩ። እውነት ነው። «ይታይልኝ» ስንል ልመና እንጂ ጥያቄ አላቀረብንም።

ጋሼ ነገሩን በሚያውቁት አስረዱኝ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከሳሽን የሚጠይቀውን ዳኝነት ለይቶ እንዲጽፍ፣ ማስረጃውንም ዘርዝሮ እንዲያያይዝ ያዘዋል። ዛሬም አቤቱታ ስታዩ ወደ መጨረሻው «የሚጠየቀው ዳኝነት» የሚል ክፍል አለው። ዳኛው ከዚያ ላይ ነው የሚነሳው። ጋሼ ሁልጊዜ ከዚያች ክፍል ነበር መጻፍ የሚጀምሩት፤ ታሪኩ ኋላ ይመጣል። ደንበኛው እያለቀሰ ሲያወራ «ቆይ፣ መጀመሪያ ምን ይወሰንልህ?» ይሉት ነበር።

ከዚያ «ወረቀቱን አምጪው» አሉኝ። አሳይመንቱን ማለታቸው ነው። ሰጠኋቸው። ገለጥ፣ ገለጥ አደረጉና፣

«ቀይ እስክሪብቶው ለምን አንዳንዱ ገጽ ላይ ብቻ ሆነ?»

ይሄኔ ነው ያየሁት። ወረቀት ለመቆጠብ በሁለቱም በኩል ነበር ያሳተምኩት። ሰባት ገጽ፣ አራት ቅጠል። ቀይ ምልክት ያለው 1፣ 3፣ 5 እና 7 ላይ ብቻ ነው። 2፣ 4 እና 6፣ ማለትም ጀርባዎቹ፣ ጭረት እንኳን የለባቸውም።

እስከዚያ ድረስ ያናደዱኝ አስተያየቶች በሙሉ በአንዴ ትርጉም ሰጡ። ገጽ 3 ላይ «4 ምንጭ ብቻ? ቢያንስ 8 ተብሏል» ይላል። ገጽ 3 ላይ በእርግጥ 4 ናቸው። የቀሩት 5 ግን ገጽ 2 እና 4 ላይ ነበሩ። ገጽ 5 መጨረሻ ላይ «ሐሳቡ ተቋርጧል» ይላል። አልተቋረጠም፤ ገጽ 6 ላይ ይቀጥላል። በጣም የገረመኝ የማጣቀሻው ገጽ ነው፣ 7። «በጽሑፉ ውስጥ የሌሉ 5 ምንጮች ተዘርዝረዋል» ተብሎ ነጥብ ተቀንሷል። ያው አምስቱ!

እኔ ደስ ብሎኝ «አያችሁ፣ አላነበቡልኝም!» አልኩ። ጋሼ ግን አልወደዱትም። «ሲያርሙ አጠገባቸው ነበርሽ?» «አይ።» «ታዲያ ያየሽውን ጻፊ። ያየሽው ቀይ ቀለም አለመኖሩን ነው።» ትንሽ ልዩነት ይመስላል። ግን «አላነበቡም» ካልኩ መምህሩ ስለራሳቸው መከራከር ይጀምራሉ። «ገጽ 2፣ 4 እና 6 ላይ የእርማት ምልክት የለም» ካልኩ ግን ወረቀቱን ገልጦ ማየት ነው፣ አለቀ።

ቀጥሎ የሚቃወመን ሰው ምን ሊል እንደሚችል አሰብን። «ጀርባውን ከተመለሰልሽ በኋላ አሳትመሽው ቢሆንስ?» ሊባል ይችላል። አይፈረድም፣ የሚያደርግ ተማሪ አይጠፋም። መልሱ ኢሜይሌ ውስጥ ነበር። ወረቀቱን ባስገባንበት ቀን ሶፍት ኮፒውንም ለመምህሩ ልከናል፤ ቀኑም ሰዓቱም አለ፣ ሰባቱም ገጽ አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የተመለሰላችሁ ወረቀት ላይ ምንም አትጻፉ፣ በእርሳስም ቢሆን። እኔ ተናድጄ ገጽ 3 ላይ ልሞነጭር ስል ነው ጓደኛዬ እስክሪብቶውን የቀማችኝ። ፎቶ ኮፒም ብቻውን አይበቃም። ጥቁርና ነጭ ኮፒ ላይ ቀዩ ግራጫ ይሆንና ከጽሑፉ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ዋናውን ይዤ ሄድኩ፣ ከማመልከቻው ጋር በቀለም የታተመ ፎቶ አያያዝኩ።

ከዚያ ማጥፋት ጀመርን። የአባቴ ጡረታ ወጣ። ያልተኛሁበት ሌሊት ወጣ። የጓደኛዬ 26 ወጣ፤ እሱ እንዲያውም አደገኛ ነው። መምህሩ የእሷን መልሰው አይተው ቢቀንሱስ? ግልባጩም ወጣ። ጋሼ «ሳታናግሪያቸው ለአለቃቸው ነገርሽ ማለት ነው» አሉ። መልስ ካጣሁ ወደ ትምህርት ክፍሉ የምሄድበት ቀን ይመጣል፤ የመጀመሪያው ወረቀት ግን ለሳቸው ብቻ ነው።

የከበደኝ የሚቀጥለው ነው። ሰንጠረዡን እንደገና ይዤ ጥፋቴን ፈለግኩ። አገኘሁ። የናሙናው ብዛት ለምን 60 እንደሆነ ምክንያት መስጠት ነበረብኝ፣ የትም ገጽ ላይ አልሰጠሁም። ሁለት ማጣቀሻዎች ዓመተ ምህረት የላቸውም። ጋሼ እነዚህን ራሴ እንድጽፋቸው ነገሩኝ። «ይሄማ ራስን ማጋለጥ ነው» ብዬ ተከራከርኩ። «እሳቸው አይተውታል እኮ። አንቺ ካላየሽው ሌላውንም አላየሽውም ይላሉ።»

እሺ፣ ላንብብላችሁ። ኮርሱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ማመልከቻውን በአማርኛ ነው የጻፍኩት፤ ትህትናው በእንግሊዝኛ አልመጣልኝም።

«ለተከበሩ መምህር፣

ጉዳዩ፦ በአሳይመንቴ ላይ 3 ገጾች እንዲታረሙልኝ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ ለምርምር ዘዴ ኮርስ ያስገባሁት አሳይመንት 14/30 ተሰጥቶት ባለፈው ሐሙስ ተመልሶልኛል። ወረቀቱን ያሳተምኩት በሁለቱም በኩል ነው። የእርማት ምልክት ያለው በገጽ 1፣ 3፣ 5 እና 7 ላይ ሲሆን፣ በጀርባቸው ባሉት ገጽ 2፣ 4 እና 6 ላይ ምልክት አላገኘሁም። ገጽ 3 ላይ ‹4 ምንጭ ብቻ› የሚል አስተያየት ተሰጥቷል፤ የቀሩት 5 ምንጮች በገጽ 2 እና 4 ላይ ይገኛሉ። ገጽ 5 ላይ ተቋርጧል የተባለው ሐሳብ በገጽ 6 ይቀጥላል። ገጽ 7 ላይ በጽሑፉ ውስጥ የሉም የተባሉት 5 ምንጮችም እነዚሁ ናቸው።

የናሙናውን ብዛት በተመለከተ ምክንያት አለመስጠቴንና ሁለት ማጣቀሻዎች ዓመት እንደሚጎድላቸው ተረድቻለሁ። በእነዚህ ላይ የተቀነሰው ነጥብ እንዲመለስልኝ አልጠይቅም።

ስለሆነም ገጽ 2፣ 4 እና 6 ታይተው፣ ቅኝት፣ ዘዴ እና ማጣቀሻ በሚሉት ሦስት መስፈርቶች የተሰጠኝ ነጥብ ብቻ እንደገና እንዲወሰንልኝ፣ ለውጥ ካለም ግሬድ ወደ ሬጅስትራር ከመላኩ በፊት እንዲስተካከልልኝ በትህትና እጠይቃለሁ። በሁለቱም በኩል በማሳተሜ ለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አባሪ፦ የ7 ገጽ ፎቶ፣ ሶፍት ኮፒው የተላከበት ኢሜይል፣ የማረሚያ ሰንጠረዥ።

ከሰላምታ ጋር»

ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ሴክሽን፣ ፊርማ። ይኸው ነው።

«ስንት ነጥብ እንደሚገባሽ ለምን አልጻፍሽም?» የሚል ይኖራል። ስህተቱ ድምር ላይ ቢሆን ኖሮ እጽፍ ነበር፤ 4፣ 3፣ 5 እና 2 ተደምሮ 12 ተብሎ ቢሆን «14 ይባልልኝ» እላለሁ። እዚህ ግን ገና ያልታረመ ገጽ ነው ያለው። ነጥቡን መስጠት የመምህሩ ሥራ ነው። የእኔ ሥራ የትኛው ገጽ፣ በየትኛው መስፈርት እንደሆነ ማሳየት ነው። ስለ ሬጅስትራር የጻፍኩት ደግሞ ለማስቸኮል አይደለም። ግሬድ አንዴ ከገባ በኋላ ለማስተካከል የለውጥ ፎርም ይሞላል፣ ከመምህሩ በላይም ፊርማ ይፈለጋል። አስተማሪ ቢያምንበት እንኳን ያንን ጣጣ አይወደውም።

ሰኞ ቢሯቸው ሄድኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አነበቡ፣ አሳይመንቱን ተቀበሉ፣ ገለበጡት። ቆዩ። እንደገና ገለበጡት። ከዚያ «ውይ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። «ረቡዕ ነይ» አሉኝ።

ረቡዕ ቅኝቱ ከ3 ወደ 8፣ ማጣቀሻው ከ2 ወደ 4 ሄዷል። ዘዴው ግን ከ5 ወደ 6 ብቻ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ 8 ጠብቄ ነበር። ገጽ 6 ላይ በቀይ «የመጠይቁ አሰጣጥ ግልጽ አይደለም» ተብሏል። መልሼ አነበብኩት። ግልጽ አይደለም። 22 ሆነ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር እኚሁ መምህር ሌላ ኮርስ ሰጡን። የአሳይመንቱ ወረቀት ሲታደል የመጨረሻው መስመር ላይ፣ በደማቁ፣ «በአንድ በኩል ብቻ ይታተም» ይላል። ክፍሉ በሙሉ ስለ ወረቀት ብክነት ሲያጉረመርም፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ዝም።