የክብር እንግዳውን ማን ያስተዋውቅ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለኝም፤ የማወራችሁ ግን ስለ አንድ እንግዳ ነው።

አስራ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ፣ እዚሁ ጎንደር፣ የትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ተወካይ ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የምስረታ በዓሉን ያከብራል። በዚያ ቀን የክብር እንግዳውን መድረክ ላይ ወጥቶ የሚያስተዋውቀው ተማሪ ነው። ርዕሰ መምህሩ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል፣ ኪነቱ ይጨፍራል፣ ከዚያ ተወካዩ ማይክ ይይዛል። በእኛ ዓመት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ።

እንግዳችን ጡረታ የወጡ ሳኒታሪያን ነበሩ። ዘፋኝ አይደሉም፣ ሯጭ አይደሉም፣ ባለሥልጣን አይደሉም። ስማቸው ክፍል ውስጥ ሲነገር "ማን?" ነው የተባለው። ድሮ እኛ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ከዚያ ጤና ኮሌጅ የገቡ ሰው ናቸው። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. ሲጀመር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር። የሚያሰለጥነውም ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስ እና ሳኒታሪያን ነው። ሦስቱ በአንድ ቡድን ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ታስቦ ነበር። ጤና መኮንኑ ያክማል። ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች። ሳኒታሪያኑ ደግሞ ውሃውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ቆሻሻውን ይይዛል። ከሦስቱ ስሙ ቶሎ የሚረሳው ይሄ የመጨረሻው ይመስለኛል። የዳነ ሰው ያዳነውን ያመሰግናል፤ ያልታመመ ሰው ማንን ያመስግን?

ከቢሮ የሕይወት ታሪካቸውን ሰጡኝ። በርካታ ገጽ ነው። የት ተወለዱ፣ በየትኛው ወረዳ ስንት ዓመት ሠሩ፣ የትኛውን ሥልጠና መቼ ወሰዱ፣ ሁሉም አለ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ማስተዋወቅ የሚበላሸው። ተወካዩ ወረቀቱን እንዳለ ያነበዋል። ምረቃ ላይም፣ ስብሰባ ላይም ሰምታችሁታል። መበላሸቱን ለማወቅ የኋላውን ረድፍ ማየት ነው። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው "ከዚያም በ... ዓ.ም." ላይ ስልክ ይወጣል። እንግዳውም አቀርቅረው ጫማቸውን ማየት ይጀምራሉ።

እኔ መጀመሪያ ደወልኩላቸው። "ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የማስተዋውቅዎት ተማሪ ነኝ" አልኳቸው። ሳቁ። ስምዎትን እንዴት ልጥራ፣ ማዕረግዎ ምን ልበል፣ ስለ ምን ይናገራሉ፣ እኔ ባልናገረው የሚመርጡት ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ልጄ፣ ዶክተር እንዳትይኝ። አይደለሁም። አቶ ይበቃል።"

ለካስ የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ዶ/ር ተብሎ ተጽፏል! ያኔውኑ ሄጄ አስቀየርኩት። እኛ አገር ሽማግሌ መድረክ ላይ ሲወጣ ማዕረግ መጨመር አክብሮት ይመስለናል። ሰውየው ግን ንግግራቸውን "ይቅርታ፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም" ብለው ሊጀምሩ ነው። ወይም ዝም ይላሉ፣ የሚያውቃቸው ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስባል። ይሄ ምኑ አክብሮት ነው?

ሁለተኛው መልሳቸው የበለጠ ጠቀመኝ። "የምንጩን ነገር ለእኔ ተይልኝ" አሉ። ወረቀቱ ላይ ደምቢያ ውስጥ ምንጭ እንዳጎለበቱ ተጽፎ ነበር፤ እኔም ለንግግሬ እሱኑ ልጠቀም አስቤ ነበር። ሙሉውን ታሪክ ያን ጊዜ አላውቀውም። ግን የእሳቸው ከሆነ የእሳቸው ነው። አስተዋዋቂ የእንግዳውን ወግ ቀድሞ ካወራው፣ ለእንግዳው የሚቀረው መድገም ነው።

ታዲያ ለእኔ ምን ቀረ? ይሄ ሰው ለምን እዚህ፣ ለምን ለእኛ የሚለው። መልሱ ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ግቢያችን ውስጥ ነበር። ጎንደር ውሃ በፈረቃ ነው። ቢጫ ጀሪካን የማያውቅ ተማሪ የለም። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ዛሬ ጠዋት ቤታችሁ ውሃ የመጣላችሁ እስኪ እጃችሁን አውጡ። ... ለመጣላችሁም ላልመጣላችሁም፣ የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ ለንጹሕ ውሃ የሠሩ ሰው ዛሬ መጥተውልናል። የተማሩት እዚሁ ግቢ ነው። ከዚህ ወጥተው ሳኒታሪያን ሆኑ። ሳኒታሪያን ማለት ሰው ታሞ ጤና ጣቢያ ሳይመጣ በፊት ምንጩ ጋ ቀድሞ የሚደርስ ባለሙያ ነው። እሳቸው ባጎለበቱት ምንጭ ዛሬም የሚቀዱ ሰዎች አሉ፤ ማን እንደሠራው ግን ላያውቁ ይችላሉ። እኛ ዛሬ እናውቃለን። የትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪ፣ የዛሬው የክብር እንግዳችን፣ አቶ ..."

ስማቸውን እዚህ አልጠራም፣ አላስፈቀድኳቸውም። ያን ቀን ግን ስሙ መጨረሻ ላይ ነበር የመጣው፤ ሆን ብዬ ነው። ጭብጨባ ስም ሲጠራ ይነሳል። ስሙን መጀመሪያ ካልክ ሰው ያኔ ያጨበጭባል፣ አንተ ከጭብጨባው ጋር እየታገልክ ታወራለህ፣ እንግዳው መድረክ ላይ ሲወጡ ደግሞ ጸጥታ ይሆናል። ስለዚህ ከመድረክ መሪያችን ጋር ተነጋገርን፤ እሱም ስማቸውን ሳይጠራ እኔን ብቻ ጋበዘ። "ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የወመህ አባላት" እያልኩም አልደረደርኩም፤ እሱ አንዴ ብሎታል። ንግግሬን ድምፄን ከፍ አድርጌ እያነበብኩ ስልኬ ላይ ስለካው ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

"ታላቅ"፣ "ድንቅ"፣ "ወደር የለሽ" የሚሉትንም አወጣሁ። ያቺ "እጃችሁን አውጡ" የምትለዋ ከነሱ ሁሉ ትበልጣለች ባይ ነኝ።

እሳቸው ማይኩን ሲይዙ ያወጋኋችሁን ምንጭ አነሱ። ምንጭ ማጎልበት ማለት የምንጩን ዓይን ተከትሎ መቆፈር ነው። ከዚያ ዙሪያውን ድንጋይና ጠጠር ይሞላል፣ በግንብ ይታጠራል፣ ከላይ ይከደናል፣ ውሃው በቧንቧ ይወጣል። ከበላይ በኩል ቦይ ይቆፈራል፣ ጎርፍ እንዳይገባ። ከብትም እንዳይደርስ ይታጠራል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ግን እንቢ አሉ። "ሲሚንቶ ከነካው ምንጩ ይሸሻል" አሉ። ተማሪው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "እውነታቸውን ነው" አሉ። መውጫው ከምንጩ ዓይን በላይ ከፍ ተደርጎ ከተሠራ ውሃው ወደ ኋላ ይገፋና ሌላ መንገድ ፈልጎ በሌላ ቦታ ይወጣል። ሽማግሌዎቹ ይሄን አንድ ቦታ አይተውታል፤ ምክንያቱን ነው ያላወቁት። እሳቸውም ቧንቧውን ከዓይኑ ዝቅ አድርገው እንደሚያስገቡ በእጃቸው አሳዩዋቸው፣ ከዚያ ሥራው ተጀመረ።

እስቲ አስቡት፣ ያን "እውነታቸውን ነው" እኔ ቀድሜ ብናገረው ኖሮ! ግቢው ጸጥ ያለው እዚያ ላይ ነበር፣ የኋላው ረድፍ ጭምር።

የሕይወት ታሪኩ ወረቀትስ? አልጣልነውም። የሚኒ ሚዲያ ልጆች ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። ከፕሮግራሙ በኋላ ቆመው ሲያነቡት አየሁ፤ ደምቢያ የሚለውን መስመር እየፈለጉ።