በፎቶ የመጣች ቢል፦ ንባብ፣ እርከንና ቅጣት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ መብራት ቢል ላወራችሁ ነው። በተለይ በፎቶ ስለሚላክ ቢል። ውጭ ሆናችሁ ለቤተሰብ መብራትና ውሃ የምትከፍሉ ብዙዎች ናችሁ። ፎቶው በቴሌግራም ይመጣል፣ ታች ያለውን ድምር ታያላችሁ፣ ትከፍላላችሁ። እኔ ግን ድምሩን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። ምክንያቱን በአክስቴ ቢል ላሳያችሁ።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ነው። አክስቴ አዲስ አበባ ለብቻዋ ትኖራለች፣ ቀን ሱቅ ነው የምትውለው። ቆጣሪ አንባቢው በመጣ ቁጥር ግቢው ተቆልፎ ያገኘዋል። በመጨረሻ አንድ ቀን ሰው አገኘ፣ አነበበ፣ ቢሉ ወጣ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር በዝቶብኛል፣ እስቲ እየው» ብላ ፎቶውን ላከችልኝ። ወረቀቱ ታጥፏል፣ የእጇ ጥላም አርፎበታል።

መጀመሪያ የምፈልገው ሦስት ቁጥሮችን ነው። የቀድሞ ንባብ፣ የአሁን ንባብ እና ፍጆታ። ከአሁኑ ንባብ ላይ የቀድሞው ሲቀነስ ፍጆታውን መስጠት አለበት። ይህ ቅነሳ ብዥ ላለ ፎቶ ትልቅ መድኃኒት ነው። የአክስቴ የቀድሞ ንባብ 14382 ነበር፣ እሱ ጥርት ብሎ ይታያል። የአሁኑ ግን 14826 ይሁን 14326 አይለይም። ስምንትና ሦስት በደካማ ማተሚያ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ግን ቆጣሪ ወደ ኋላ አይሄድም፣ ስለዚህ 14326 ሊሆን አይችልም። ደግሞ የፍጆታው ቦታ ላይ 444 ተጽፏል። 14382 ላይ 444 ስትደምሩ 14826 ይመጣል። ሦስቱ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ከተስማሙ ፎቶውን በትክክል አንብባችኋል። ካልተገናኙ ወይ እናንተ ተሳስታችኋል፣ ወይ ቢሉ። እንደዚያ ሲሆን ሌላ ፎቶ እጠይቃለሁ፤ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ በቀን ብርሃን፣ አራቱም ጠርዝ እየታየ፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ ካለ ጀርባውም ጭምር። የዘገየ ክፍያ ቅጣት ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሰው ቆርጦ በሚተወው ጠርዝ ላይ ነው የሚጻፈው።

እሺ፣ 444 ኪሎ ዋት ሰዓት። ይህ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ጊዜውን ሳታውቁ መመለስ አይቻልም። የዚህ ሁሉ ወሬ ልብ እዚህ ጋ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

አክስቴ አንድ ማቀዝቀዣ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ አላት። እንጀራ ከውጭ ነው የምትገዛው። ለአንድ ወር 444 ለእሷ ቤት አይመስልም። የድሮ ቢሎቿን አስላክኋት። በወር ከ150 ብዙ የማይርቁ ናቸው። ከዚያ «ያለፈው ወር ቢል መጥቶልሽ ነበር?» አልኳት። «ኧረ ከኅዳር ጀምሮ አልመጣም» አለች። ተገለጠ። 444 የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር ፍጆታ ነው። ለሦስት ሲካፈል 148። አክስቴ እንደ ወትሮዋ ነው የኖረችው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? የተጠቀመችውን ነው የምትከፍለው» ትሉ ይሆናል። ችግሩ ታሪፉ በእርከን መሆኑ ነው። የቤት መብራት ታሪፋችን እርከኖቹ በወር ፍጆታ የተሠሩ ናቸው። እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200፣ እስከ 300፣ እስከ 400፣ እስከ 500፣ ከዚያም በላይ። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። በዚያን ጊዜ የነበረው ዋጋ የመጀመሪያው 0.273 ብር፣ ሁለተኛው 0.767፣ ሦስተኛው 1.625፣ አራተኛው 2 ብር፣ አምስተኛው 2.20፣ ስድስተኛው 2.405 ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ የሚሄድ አዲስ ታሪፍ አለ። ስለዚህ ለዛሬ ቢል እነዚህን ቁጥሮች አትጠቀሙ፣ ቢሉ የወጣበትን ወር ታሪፍ ፈልጉ። አሠራሩን ለማየት ግን ይበቁናል።

በእርከን የተሠራ ታሪፍ በሁለት መንገድ ሊሰላ ይችላል። አንደኛው መንገድ ፍጆታው የደረሰበትን እርከን ዋጋ ወስዶ ሁሉንም በእሱ ማባዛት ነው። ሁለተኛው ፍጆታውን መቆራረጥ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 50 በራሳቸው ዋጋ፣ ቀጣዮቹ 50 በራሳቸው፣ እንዲያ እያለ ይወጣል። እጃችሁ ላይ ያለው ቢል በየትኛው እንደተሠራ ለማወቅ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። ሁለቱንም ሥሩና ከፍጆታ ሂሳቡ መስመር ጋር አስተያዩ። ከድምሩ ጋር ግን አይደለም፤ ድምሩ ውስጥ የአገልግሎት ክፍያና ሌላም ነገር አለ።

የአክስቴን እንሥራ። በመጀመሪያው መንገድ 444 ስድስተኛው እርከን ውስጥ ይገባል። 444 ሲባዛ በ2.405፣ 1067 ብር ከ82 ሳንቲም። በየወሩ 148 ሆኖ ቢመጣ ኖሮ ሦስተኛው እርከን ላይ ይቆም ነበር። 148 ሲባዛ በ1.625፣ 240 ብር ከ50። የሦስቱ ወር 721 ብር ከ50። ልዩነቱ 346 ብር ነው።

በሁለተኛው መንገድስ? 444ን ቆራርጣችሁ ስትደምሩ 740 ብር ከ32 ሳንቲም ይመጣል። 148ን ስትቆራርጡ ልክ 130 ብር፣ ለሦስት ወር 390። ልዩነቱ 350 ብር። እዩት እንግዲህ። በየትኛውም መንገድ ይሰላ፣ ያው የተጠቀመችው መብራት በአንድ ላይ ስለተነበበ ብቻ 350 ብር ገደማ ይጨምርባታል። በጡረታና በትንሽ ሱቅ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለው ስሌት አንድም የመደመር ስህተት የሌለው መሆኑ ነው። ማሽኑ በትክክል አባዝቷል። የጎደለው ለሦስት የማካፈሉ ነገር ነው።

ዛሬ ደግሞ አንድ ነገር ተጨምሯል። የተጨማሪ እሴት ታክስ። ለቤት ተጠቃሚ በወር እስከ 200 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት፣ ለውሃ እስከ 15 ሜትር ኩብ ከታክሱ ነፃ ነው። 148 የምትጠቀም ሴትዮ ታክስ የለባትም። ሦስት ወር ሲጠራቀም ግን 444 ሆና ከመስመሩ በላይ ትታያለች። ስለዚህ አነስተኛ ፍጆታ ባለው ቤት ቢል ላይ የታክስ መስመር ካያችሁ ወዲያው የንባብ ቀኖቹን ቁጠሩ።

እና አክስቴን ሁለተኛ ፎቶ ጠየቅኋት፣ የራሱን የቆጣሪውን። ይህን ማንም ሊረሳው አይገባም። ቢል የሚናገረው የሆነ ሰው ያነበበውን ወይም የገመተውን ነው። ቆጣሪው ግን ራሱ ነው። በጎማ ቁጥር የሚሽከረከረው አሮጌ ቆጣሪ ላይ መጨረሻ ላይ ቀይ ወይም በቀይ የተከበበ አሃዝ አለ። እሱ የአስረኛ ክፍልፋይ ነው፣ አይቆጠርም። እሱን አስገብታችሁ ካነበባችሁ ንባቡ አሥር እጥፍ ሆኖ ያስደነግጣችኋል። አንድ አሃዝ በሁለት ቁጥር መካከል ቆሞ ከሆነ ያለፈውን ውሰዱ፣ ቀጣዩ ገና አልሞላምና። የውሃ ቆጣሪም እንዲሁ ነው። ጥቁሮቹ ሜትር ኩብ፣ ቀዮቹ ከሜትር ኩብ በታች ያለው ነው።

ከዚያ የቆጣሪውን ቁጥር ከቢሉ «የአሁን ንባብ» ጋር አነጻጽሩ። ፎቶው የተነሳው ቢሉ ከወጣ በኋላ ስለሆነ ቆጣሪው ከቢሉ ትንሽ መብለጥ አለበት። ከቢሉ ካነሰ፣ የተጻፈው ንባብ ከቆጣሪው አልመጣም ማለት ነው፤ ተገምቷል ወይም የሌላ ሰው ነው። ለዚህ ነው የቆጣሪውን መለያ ቁጥርም አብራችሁ የምታነሱት። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት አራት ቆጣሪ ሲኖር መቀያየር አለ። የአክስቴ 14871 ነበር፣ መለያ ቁጥሩም ገጠመ። ንባቡ ትክክል ነው። ስለዚህ «ንባቡ ተሳስቷል» ብላ ብትሄድ ትሸነፍ ነበር። ጥያቄዋ «የሦስት ወር ነው፣ በየወሩ ተከፋፍሎ ይሰላልኝ» የሚል መሆን ነበረበት።

አሁን ወደ ቅጣቱ። የመክፈያ ቀኑ 20/06/2016 ይላል። ውጭ የኖረ ሰው ዓይን ጁን ያነባል፣ «ገና ነው» ብሎ ስልኩን ያስቀምጣል። ስድስተኛው ወር እኮ የካቲት ነው! የካቲት 20፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2024 ማለት ነው። ቀን በቁጥር ብቻ ከተጻፈ የወሩን ስም ጠይቁ።

የቅጣቱን ዓረፍተ ነገር ስታነቡ ሦስት ነገር ፈልጉ። በቁርጥ ብር ነው ወይስ በመቶኛ? አንድ ጊዜ ነው ወይስ በየወሩ? የሚታሰበው ባልተከፈለው ሂሳብ ላይ ብቻ ነው ወይስ የቀድሞ ቅጣትም ተደምሮ? እንበልና 1000 ብር ላይ 5 በመቶ ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ከሆነ 50 ብር ነው፣ በየወሩ ከሆነ በሦስት ወር 150። የመቁረጥና መልሶ የመቀጠል ክፍያ ደግሞ ከቅጣቱ የተለየ ነው፣ አንዱን ከፍሎ ሌላው ቀረ ማለት አይደለም። «ውዝፍ» የሚል መስመር ካለም ካለፈው ደረሰኝ ጋር አመሳክሩት። ቢሉ የታተመው ክፍያችሁ ከመመዝገቡ በፊት ከሆነ የከፈላችሁት እንደ ዕዳ ይታያል፣ ሁለቴ ትከፍላላችሁ።

ቅሬታ ማቅረብ የመክፈያ ቀኑን ያቆማል ብላችሁ ግን አትተማመኑ። አክስቴ የሄደችው ቀኑ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። የያዘችው ቢሉን፣ የቆጣሪውን ፎቶ እና የቀድሞ ሦስት ደረሰኞች ነው። መስኮቱ ላይ የመጀመሪያዋ ሠራተኛ «ንባቡ ልክ ነው» አለቻት። አክስቴም «አዎ ልክ ነው፣ ግን የስንት ወር ነው?» አለች። ወደ ውስጥ ላኳት፣ የንባብ ቀኖቹን ከመዝገብ አወጡ፣ ለሦስት ተከፍሎ ተሰላ። የሦስቱ ወር የአገልግሎት ክፍያም በየወሩ ገባ፣ ይህ ተገቢ ነው። እዚያው ከፈለች። ደረሰኙን ፎቶ አንስታ ስትልክልኝ የቆጣሪውንም የዕለቱን ንባብ ጨምራበት ነበር፤ አሁን በየወሩ መጀመሪያ ላይ ትልክልኛለች።