ቧንቧው ስንት ይሁን? ከምንጭ እስከ ማጠራቀሚያ ያለው መስመር
(ለወረዳ የውሃ ባለሙያዎችና ለቀበሌ የውሃ ኮሚቴ አባላት ሥልጠና የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ የውሃ ኮሚቴ አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው የምናገረው። ከምንጭ ተነስቶ በራሱ ቁልቁለት ወደ መንደር ለሚወርድ ውሃ የቧንቧውን ስፋት እንዴት እንመርጣለን? ፓምፕ የለም፣ ነዳጅ የለም። ያለን ቁልቁለቱ ብቻ ነው። ያንን ቁልቁለት ደግሞ ቧንቧው ራሱ ይበላዋል። ውሃው ከቧንቧው ግድግዳ ጋር እየተሻሸ ሲሄድ ግፊቱ በየሜትሩ ይቀንሳል። ይህን የሰበቃ ብክነት እንበለው። ቧንቧው በጠበበ ቁጥር ብክነቱ ይብሳል።

ራሴ የሠራሁትን አንድ መስመር ላሳያችሁ። ስህተቱም የእኔው ነው፤ ስለዚህ የቀበሌውን ስም ልተወው። ቦታው ሰሜን ሸዋ፣ ደጋ ነው።

መጀመሪያ የውሃውን መጠን አሰላን። መስመሩ ወደፊት ለ2,000 ሰው እንዲበቃ አሰብን። ለገጠር በነፍስ ወከፍ በቀን 25 ሊትር ብንይዝ 50,000 ሊትር ይሆናል። በቀን ውስጥ ላሉት 86,400 ሰከንዶች ስናካፍለው 0.58 ሊትር በሰከንድ ይመጣል። ሰው ውሃ አብዝቶ ለሚጠቀምበት ቀን 20 በመቶ፣ ለሚፈሰውና ለሚባክነው ደግሞ 15 በመቶ ጨመርንበት። 0.8 ሊትር በሰከንድ ሆነ። ምንጩን በበጋ፣ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት በባልዲና በሰዓት ለካነው። 1.1 ሊትር በሰከንድ ይሰጣል። እሰየው፣ ይበቃል።

ከምንጩ ሳጥን እስከ ማጠራቀሚያው 2,400 ሜትር ነው። የከፍታው ልዩነት 36 ሜትር። ግፊትን በሜትር ብንቆጥር ሥራው ይቀላል፤ ያለን ሀብት 36 ሜትር ነው ማለት ነው። ማጠራቀሚያው ጋ ሲደርስ ወደ 10 ሜትር እንዲተርፍ እፈልጋለሁ። የከፍታ ልኬታችን ትንሽ ቢሳሳት፣ ቧንቧው ውስጥ ደለል ቢቀመጥ፣ ያ 10 ሜትር መጠባበቂያችን ነው። ስለዚህ ለሰበቃ የምንከፍለው 26 ሜትር ነው።

ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት የሄዘን ዊሊያምስ ቀመር ነው፦

```
hf = 10.67 × L × Q^1.852 / (C^1.852 × D^4.87)
```

`hf` የሰበቃ ብክነቱ ነው፣ በሜትር። `L` ርዝመት ነው፣ እሱም በሜትር። `Q` የውሃው መጠን ነው፣ በኪዩቢክ ሜትር በሰከንድ። `D` የውስጥ ዲያሜትር ነው፣ እሱም በሜትር። `C` የቧንቧው ልስላሴ ነው፤ ኤችዲፒኢ ለሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ 140 ያዝኩ። ቀመሩን በቃላችሁ መያዝ አይጠበቅባችሁም። ግን `D` ላይ ያለችውን 4.87 አደራ እዩዋት። ቁም ነገሩ ያለው እሷ ጋ ነው። የቧንቧው ውስጥ በአንድ አምስተኛ ብቻ ቢጠብብ ብክነቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ገበያ ላይ የምናገኛቸውን ሦስት ቧንቧዎች በ0.8 ሊትር ሞከርናቸው። ሦስቱም 10 ባር፣ ማለትም ወደ 100 ሜትር ግፊት የሚችሉ ናቸው። ባለ 40 ሚሊ ሜትሩ በኪሎ ሜትር 25 ሜትር ያህል ይበላል። ለመስመራችን 60 ሜትር መሆኑ ነው። ያለን 36፣ እሱ የሚጠይቀን 60። ይህ አይሆንም። ባለ 63ቱ በኪሎ ሜትር 2.7 ሜትር ብቻ ነው የሚበላው፤ በጠቅላላው 6.6 ሜትር። ይህ ይሄዳል፣ ግን ውድ ነው። ባለ 50ው በኪሎ ሜትር 8.4 ይበላል። በጠቅላላው 20 ሜትር፣ ለማጠፊያና ለመገጣጠሚያ ትንሽ ጨምረን 22። 36 ሲቀነስ 22፣ 14 ሜትር ይተርፋል። ከፈለግነው 10 ሜትርም ይበልጣል። ባለ 50 ይሁን አልኩ። ኮሚቴው ደስ አለው፣ እኔም ደስ አለኝ።

ሕዝቡ ቦዩን ቆፈረ። ቧንቧው ተቀበረ። ውሃው ተለቀቀ።

ማጠራቀሚያው ጋ ቆመን ስንጠብቅ ቧንቧው መጀመሪያ ነፋስ ተፋ። ቀጥሎ ውሃ መጣ። ደግሞ ነፋስ፣ ደግሞ ውሃ። 20 ሊትር ጀሪካን ደግነን ሰዓት ያዝን። በ25 ሰከንድ መሙላት ነበረበት። ከ30 ሰከንድ በላይ ወሰደ። ደግመን ለካን፣ ያው ነው። ሰዉ «የሆነ ቦታ ፈንድቷል» ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ መስመሩን ቆፈረ። እርጥብ አፈር የሚባል አልተገኘም።

በአራተኛው ቀን ከምንጩ 1,100 ሜትር ላይ ያለችው ጉብታ ላይ ወጣሁ። መስመሩ እሷን ተሻግሮ ነው ወደ ገደሉ የሚወርደው። ጫፏ ላይ የአየር ማስወጫ የሚሆን ትንሽ መውጫ በቡሽ ተዘግቶ ነበር። ቡሹን ፈታሁት። ውሃ ይፈነጥቃል ብዬ ፊቴን ዞር አድርጌያለሁ። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ይልቁንም «ስስስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መዳፌን ስጭንበት ወደ ውስጥ ሳበው። ቧንቧው አየር እየማገ ነበር።

ምን ሆኖ ነው? ጉብታዋ ከምንጩ የምታንሰው በ6 ሜትር ብቻ ነው። ባለ 50ው ቧንቧ ግን እዚያ እስኪደርስ 1,100 ሜትር ተጉዞ 9 ሜትር በልቷል። 6 ሜትር ወርዶ 9 ሜትር የከፈለ ውሃ ጉብታዋ ላይ የ3 ሜትር ባለ ዕዳ ነው። ዕዳው በቧንቧ ውስጥ ሲታይ መሳብ፣ መምጠጥ ይሆናል። በውሃው ውስጥ የሟሟው አየር እዚያ ይለያል፤ ላላ ካለ መገጣጠሚያም አየር ይገባል። አየሩ ጫፏ ላይ ይከማችና መንገዱን ይዘጋል። የሚያልፈውን ውሃ የሚወስነው እንግዲህ ያ የ6 ሜትር ቁልቁለት ብቻ ይሆናል። ቁጭ ብዬ ሳሰላው 0.63 ሊትር በሰከንድ መጣ። 20 ሊትሩን ጀሪካን በ32 ሰከንድ ይሞላል። ሰዓታችን የነገረን ይህንኑ ነበር።

አየሩ ብቻ አይደለም የሚያሳስበኝ። የሚምግ ቧንቧ በተሰነጠቀበት ቦታ የጭቃ ውሃም ይምጋል። መስመሩ የከብት ማዋያ አቋርጦ የሚያልፍ ከሆነ ወደ ቦኖው ምን ሊመጣ እንደሚችል እናንተው ታውቁታላችሁ።

ስህተቴ ምን ነበር? የመስመሩን ራስና እግር አየሁ፣ መሃሉን አላየሁም። ስለዚህ ዲያሜትር ስትመርጡ ሁልጊዜ የመሬቱን ቅርጽ በወረቀት ሣሉት። በየ50 ሜትሩና በየጉብታው ከፍታ ውሰዱ። ከዚያ ከምንጩ ተነሥታችሁ የግፊቱን መስመር አብራችሁ አውርዱ፤ በየቦታው ስንት ተበልቶ ስንት እንደቀረ የሚያሳየውን ማለቴ ነው። ያ መስመር የትም ቦታ ከመሬቱ በታች መውረድ የለበትም። ጉብታ ላይ ቢያንስ 5 ሜትር ከፍ ብሎ ቢያልፍ ደስ ይለኛል።

የእኛን እንዴት አስተካከልነው? ከምንጩ እስከ ጉብታዋ ያለውን በባለ 63 ቀየርነው። ያ ክፍል አሁን የሚበላው 9 ሳይሆን 3 ሜትር ነው። ጉብታዋ ላይ 3 ሜትር ይተርፋል። ይህም ሳሳብኝ። ስለዚህ አናቷን ትተን ትከሻዋን ዞርን። ቦዩ በ40 ሜትር ረዘመ፣ ግን 2 ሜትር ዝቅ አልን። 5 ሜትር አገኘን። ከጉብታዋ በታች ያለው ባለ 50 እንዳለ ቀረ። የወጣውን ቧንቧ አልጣልነውም፤ ከማጠራቀሚያው ወደ ቦኖዎቹ ለሚሄደው መስመር ዋለ። እንግዲህ አንድ መስመር አንድ ስፋት ብቻ መሆን የለበትም። ቁልቁለቱ ስስ በሆነበት ከላይ ሰፊውን፣ ቁልቁለቱ በበረታበት ከታች ጠባቡን አድርጉ።

ሰፊ ቧንቧም የራሱ ጣጣ አለው። ውሃው ባለ 63 ውስጥ በሰከንድ 33 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። እንዲህ ሲያዘግም አሸዋ ይቀመጣል። የምንጩ ሳጥን አሸዋውን አስቀድሞ ማስቀረት አለበት። በየዝቅተኛው ቦታም የማጠቢያ ቫልቭ ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። አዲሱ መስመር ከታች ወለል አድርገን ብንከፍተው 1.3 ሊትር በሰከንድ ያህል መውሰድ ይችላል። ምንጩ በበጋ የሚሰጠው 1.1 ነው። ቧንቧው ሳጥኑን ባዶ አድርጎ እንደገና አየር መማግ ይጀምራል። ስለዚህ ማጠራቀሚያው መግቢያ ላይ የግሎብ ቫልቭ ገጠምንና ጀሪካኑ በ25 ሰከንድ እስኪሞላ ድረስ አጠበብነው። እባካችሁ ይህን ከላይ፣ ምንጩ ጋ ባለው ቫልቭ አታድርጉት። ከላይ ካጠበባችሁት ከዚያ በታች ያለው ቧንቧ ሁሉ ይራባል። ከታች ስትይዙት ግን መስመሩ ሙሉ ሆኖ ይቆማል።

ግዢ ላይ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። «50» የሚለው የውጭ ስፋት ነው። ውሃው የሚያልፈው በውስጡ ነው። 10 ባር የሚችለው ባለ 50 የውስጥ ስፋቱ 44 ሚሊ ሜትር ነው። 16 ባር የሚችለው ግድግዳው ስለሚወፍር 41 እንኳ አይሞላም። ይህቺ 3 ሚሊ ሜትር በኪሎ ሜትር 8.4 የነበረውን ብክነት 12 ታደርገዋለች። ነጋዴው «የባሰ ጠንካራ አመጣሁላችሁ» ሲላችሁ በደስታ አትቀበሉት። በየቦታው ያለው የቆመ ውሃ ግፊት ከ100 ሜትር ካላለፈ 10 ባሩ ይበቃል። የእኛ ገደል ከምንጩ 70 ሜትር ነው የሚወርደው። ካለፈ ግን ወፍራሙን ግዙና ስሌቱን በ41 እንደ አዲስ ሥሩት።

አሁን ያ መስመር ጀሪካኑን በ25 ሰከንድ ይሞላል። ቫልቩ ስንት ዙር እንደተከፈተ ክዳኑ ላይ በቀለም ጽፈነዋል፤ ጠጋኙ ፈትቶ ሲመልስ እንዳይምታታበት ብለን ነው። ነገ ጠዋት መስክ ስንወጣ አንድ ጀሪካን፣ ሰዓት የሚይዝ ስልክና ካሬ ወረቀት ይዛችሁ ኑ። የምንጀምረው ከጉብታዋ ነው።

አመሰግናለሁ።