በአንድ ድርጅት ውስጥ ያገኛችሁትን እድገት በሲቪ ላይ እንዴት ትጽፋላችሁ?

[በስክሪኑ ላይ፦ ባዶ ገጽ፣ ከላይ «የሥራ ልምድ» የሚል ርዕስ]

በአንድ ድርጅት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ እድገት ያገኘ ሰው ሲቪውን ሲያዘጋጅ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። እያንዳንዱን የሥራ መደብ የድርጅቱን ስም እየደገመ ለየብቻው ይጻፈው ወይስ ሁሉንም በአንድ የድርጅት ስም ሥር ያሰባስበው? መልሱን ለማግኘት የአንዲትን የሒሳብ ባለሙያ የሥራ ታሪክ ይዘን እንነሣ።

ባለሙያዋ በማርች 2016 በጁኒየር የሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በጁላይ 2018 ሲኒየር የሒሳብ ሠራተኛ ሆኑ፤ በሴፕቴምበር 2021 ደግሞ የፋይናንስ ቡድን መሪ ሆነው እስከ ኖቬምበር 2024 ሠሩ። ድርጅቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው፤ የአገልግሎት ዘመናቸውም ስምንት ዓመት ከዘጠኝ ወር ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ የድርጅቱ ስም ሦስት ጊዜ፣ ከእያንዳንዱ ጎን የተለያየ ቀን]

በመጀመሪያ ሦስቱንም ለየብቻ ጻፏቸው እንበል። ብዙ ማመልከቻ የተቆለለበት ቀጣሪ በመጀመሪያ ዙር ገጹን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ይቃኛል እንጂ እያንዳንዱን መስመር አያነብም። በዚህ ቅኝት የሚታዩት ሦስት የተለያዩ የሥራ መዝገቦችና ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ገደማ የሚቆዩ ሦስት የጊዜ ገደቦች በመሆናቸው፣ የድርጅቱ ስም አንድ መሆኑን ያላስተዋለ አንባቢ ባለሙያዋ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ቀጣሪ የሚቀይሩ ናቸው ብሎ ሊያስብ ይችላል። በአንድ ቤት ረጅም ጊዜ የመቆየታቸውና እየታመነባቸው ከፍ የማለታቸው ታሪክ በአቀማመጡ ምክንያት ተሰወረ ማለት ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ «የፋይናንስ ቡድን መሪ፣ ማርች 2016 – ኖቬምበር 2024»]

ይህን ለመሸሽ አንዳንዶች የመጨረሻውን የሥራ መደብ ብቻ ጽፈው ከጎኑ ሙሉውን የአገልግሎት ዘመን ያስቀምጣሉ። እኔ አጥብቄ የምቃወመው ይህንን ነው። እንዲህ የተጻፈ ሲቪ ባለሙያዋ ቡድን የመሩት ለስምንት ዓመት ከዘጠኝ ወር ነው ይላል፤ በእርግጥ የመሩት ግን ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ብቻ ነው። አዲሱ ቀጣሪ የቀድሞውን ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ሲጠይቅ፣ ወይም የሥራ ልምድ ማስረጃው ላይ እያንዳንዱ መደብ ከነቀኑ ተዘርዝሮ ሲያገኘው ልዩነቱ ይገለጣል። ጸሐፊው ያሰበው ገጽ መቆጠብ ብቻ ቢሆንም እንኳ ጉዳዩን የሚመረምረው ሰው የሚያየው ሐሰተኛ መረጃ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የድርጅቱን ስም አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ ከጎኑ ጠቅላላውን ዘመን ማስቀመጥ፣ ከሥሩ ደግሞ መደቦቹን ከቅርቡ ወደ ሩቁ እያንዳንዱን ከራሱ ቀን ጋር መደርደር ነው። ነገር ግን የሥራ ዝርዝሩ ከእያንዳንዱ መደብ በታች ለየብቻ ይጻፍ ወይስ በአንድ ላይ የሚለው ገና አልተመለሰም። ይህን የሚወስነው መጠሪያው መለወጡ ሳይሆን ሥራው መለወጡ ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ የተስተካከለው አቀማመጥ ደረጃ በደረጃ ሲሞላ]

ወደ ባለሙያዋ እንመለስ። ጁኒየር ሳሉም ሲኒየር ከሆኑ በኋላም ዋና ሥራቸው የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ክፍያ ማዘጋጀትና የወር መጨረሻ ሒሳብ መዝጋት ነበር፤ የተለወጠው የኃላፊነቱ ስፋት ነው። ይህን ሁለት ጊዜ መጻፍ አንባቢውን ማሰልቸት ስለሚሆን፣ ሁለቱ መጠሪያዎች ከየቀናቸው ጋር በተከታታይ መስመር ይቀመጡና ከሥራቸው አንድ የጋራ ዝርዝር ይሰጣቸው። የቡድን መሪነቱ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ሰው መመደብ፣ የሌሎችን ሥራ መርምሮ ማጽደቅና ለበላይ አመራር ሪፖርት ማቅረብ ስለሆነ የራሱ ዝርዝር ያስፈልገዋል፤ ከገጹም ሰፊውን ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ በዚህ ሲቪ ላይ አንድ የድርጅት ስም፣ ሦስት መጠሪያና ሁለት ዝርዝር ይኖራል።

በጋራ ዝርዝሩ ውስጥ እድገቱ ለምን እንደመጣ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲኖር እመክራለሁ። ለምሳሌ «የወር መጨረሻ ሒሳብ መዝጊያው ከአሥር የሥራ ቀን ወደ ስድስት እንዲያጥር የሚያስችል የአሠራር ቅደም ተከተል በማዘጋጀቴ ወደ ሲኒየር መደብ አድጌያለሁ» የሚል መስመር ሁለቱን ቀኖች ያገናኛል፤ እድገቱ በአገልግሎት ዘመን ብቻ የተገኘ አለመሆኑንም ያሳያል።

[በስክሪኑ ላይ፦ የማመልከቻ ቅጽ፣ «ቀጣሪ»፣ «የሥራ መደብ»፣ «ከ»፣ «እስከ» የሚሉ ሣጥኖች]

ይህ አቀማመጥ ለሰው ዓይን የተመቸ ቢሆንም ማመልከቻ የሚቀበሉ ሶፍትዌሮችን አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል። ሶፍትዌሩ ከፋይሉ ላይ የቀጣሪውን ስም፣ መደቡንና ቀኑን ፈልጎ በየሣጥኑ ለመሙላት ይሞክራል። ሁለተኛውና ሦስተኛው መጠሪያ አጠገባቸው የድርጅት ስም ስለሌለ ሊዘላቸው ይችላል፤ ወይም ከድርጅቱ ስም ጎን ያለውን ጠቅላላ ዘመን የመጀመሪያው መደብ ቀን አድርጎ ይወስደዋል። ይህ ከሆነ ቅድም የተቃወምኩት ስሕተት እናንተ ሳታውቁት በእናንተ ስም ተፈጸመ ማለት ነው።

ስሕተቱን መለየት ቀላል ነው። ፋይሉን ከጫናችሁ በኋላ ቅጹ የሞላውን ሳትልኩ አንድ በአንድ ተመልከቱ። የጎደለ መደብ ወይም የተሳሳተ ቀን ካለ በእጃችሁ አስተካክሉ፤ በቅጹ ላይ ሦስቱንም መደቦች የድርጅቱን ስም እየደገማችሁ ለየብቻ መሙላት ትክክለኛው አሠራር ነው፤ ሣጥኖቹ የተዘጋጁት እንዲያ ነውና። አንድ ታሪክ በሲቪው ላይ ተሰባስቦ በቅጹ ላይ ተነጣጥሎ መታየቱ ችግር የለውም፤ ችግር የሚሆነው በሁለቱ ላይ ያሉት ቀኖች ሳይመሳሰሉ ሲቀሩ ነው። ቅጽ ሳይኖር ፋይል ብቻ የምትልኩና ሶፍትዌር እንደሚያነበው የምታውቁ ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ መጠሪያ መስመር ላይ የድርጅቱን ስም መድገም ይሻላል።

ሊንክድኢን ላይ ማሰባሰቡን የሚሠራው ድረ ገጹ ራሱ ነው። ይሁን እንጂ መደቦቹን ስትመዘግቡ ከሚመጣላችሁ ዝርዝር ውስጥ ያንኑ የድርጅት ገጽ መምረጥ አለባችሁ፤ ስሙን አንድ ጊዜ በሙሉ አንድ ጊዜ በአጭሩ ብትጽፉት እንደ ሁለት ድርጅት ተለያይቶ ይቀመጣል።

[በስክሪኑ ላይ፦ በሁለት የተከፈለ የጊዜ መስመር]

ማሰባሰብ የማይገባበት ሁኔታም አለ። ከድርጅቱ ወጥታችሁ ሌላ ቦታ ከሠራችሁ በኋላ ከተመለሳችሁ ሁለቱን ዘመናት አንድ ላይ ማድረግ መካከል ያለውን ጊዜ እንዳልነበረ ስለሚያደርገው፣ እያንዳንዱ በጊዜ ቅደም ተከተሉ ለየብቻ ይቀመጥ። ሥራው ሳይነካ መጠሪያው ብቻ ተለውጦ ከሆነ ደግሞ ይህ እድገት አይባልም፤ አሁን ካለው መጠሪያ ጎን የቀድሞውን በቅንፍ መጻፍ ይበቃል። ድርጅቱ በሌላ ተገዝቶ ስሙ ከተለወጠ፣ አዲሱን ስም ጽፋችሁ የቀድሞውን በቅንፍ ጨምሩ፤ ማስረጃችሁ ላይ ያለው ስም የቀድሞው ሊሆን ይችላልና።