ገጽ 84፣ ጥያቄ 3

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት አጭር መልእክት ነው።

ሒሳብ አስጠናለሁ። አንድ ማታ ልተኛ ስል ስልኬ ጮኸ። «ቲቸር፣ ገጽ 84 ጥያቄ 3 አልገባኝም። ነገ ፈተና አለን።» በቃ፣ ይኸው ነው። ፎቶ የለ፣ ጥያቄው አልተጻፈ።

መጽሐፉ እኔም ጋር በፒዲኤፍ አለ። ከፈትኩና 84 ብዬ ጻፍኩ። ጥያቄ 3 እንዲህ ይላል፦ x² − 5x + 6 = 0። ሲባዙ 6፣ ሲደመሩ 5 የሚሆኑ ቁጥሮች 2 እና 3 ናቸው። እያንዳንዷን መስመር በእጄ ጽፌ፣ አብራርቼ፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ምን ልደብቃችሁ፣ በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

ወዲያው መለሰ። «ቲቸር፣ ይሄን እኮ ባለፈው ሳምንት ጨርሰነዋል።»

ልጁ የያዘው የታተመውን መጽሐፍ ነው፤ የሚያየው ከገጹ ግርጌ ያለውን ቁጥር ነው። የእኔ ፒዲኤፍ ግን ሽፋኑንም፣ ማውጫውንም፣ መግቢያውንም ይቆጥራል። በመጽሐፉ ገጽ 1 የተባለው በፒዲኤፉ 13ኛ ላይ ነው። ልዩነቱ 12 ነው፤ ስለዚህ የእሱ 84 የእኔ 96 ነው። እዚያ ስሄድ ጥያቄ 3 የመስመር ስሎፕ ፈልጉ ይላል። ይህ ስሌት የሚሠራው ደግሞ እትማችን አንድ ከሆነ ነው። እትሙ ከተለየ መደመሩ አያዋጣም።

ታዲያ ልጁን አልወቅሰውም። መጽሐፉ ፊቱ ተዘርግቷል፣ ጥያቄውን እያየው ነው። እኔም የማየው ይመስለዋል።

አሁን እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ እርሳስ አላነሳም። «ገጹን ሙሉውን አንሳና ላክልኝ» እላለሁ። ሙሉውን የምለው በምክንያት ነው። ጥያቄ 3ን ብቻ ቆርጠው ሲልኩልኝ ሁለት ነጥቦች ብቻ ይታዩኛል፤ (1, 2) እና (3, 8)። ምን ላድርጋቸው? ስሎፕ ልፈልግ? ርቀት? ትእዛዙ ያለው ከጥያቄ 1 በላይ ነው፤ አንዳንዴም ያለፈው ገጽ ላይ ቀርቷል። ስሎፕ ከሆነ 8 ሲቀነስ 2 ስድስት ነው፣ 3 ሲቀነስ 1 ሁለት ነው፣ ስድስት ለሁለት ሲካፈል 3 ይመጣል። ርቀት ከሆነ ግን √40 ነው። ነጥቦቹ ያው ናቸው፤ መልሱ ግን ሌላ ነው።

ልጁን ስተርክ ራሴን አልረሳሁም። በቀደም ለሥራ ባልደረባዬ «Document1.docx ን እስኪ እይልኝ» ብዬ ጻፍኩላት። ፋይሉን አላያያዝኩትም። ከሰዓት በኋላ «አየሁት፣ ግን ይሄ እኮ የእኔ የፈቃድ ማመልከቻ ነው» አለችኝ። ለካ እሷም ኮምፒውተር ላይ Document1.docx የሚባል ነበረ።