ሺህ ብር ያስበላኝ ራይት

ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ እቁብ ደብተር ላወራ ነው፤ ምክንያቱም አንዲት የራይት ምልክት ሺህ ብር አስበልታኛለች።

አሥር ሆነን በየወሩ ሺህ ሺህ ብር እንጥል ነበር። እጣ የወጣለት አሥር ሺህ ይወስዳል። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ደብተሬ ላይ በጎን ስም፣ ከላይ ወር፣ የጣለ ሰው ስም ላይ ራይት። በቃ። አራተኛው ወር ላይ አንዱ ልጅ «ደሞዝ ዘገየብኝ» አለ። እሱ በሁለተኛው ወር ወጥቶለት ወስዷል። ባለዕጣዋ ደግሞ ብሩን በዚያው ቀን ትፈልገዋለች፣ ስለዚህ ጉድለቱን ከኪሴ ሞላሁና ድምሩ እንዲገጥምልኝ ብዬ እሱ ስም ላይ ራይት አደረግኩ። እንግዲህ ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ስምንተኛው ወር ላይ «የአራተኛውስ?» ስለው ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ። ራይት! ምን ልበል?

ራይት ብሩ መግባቱን እንጂ ከማን ኪስ እንደወጣ አይናገርም። ማን ስንት ዕዳ እንደቀረበትም አይናገርም። አሁን ለየሰዉ ሦስት ቁጥር እጽፋለሁ፦ የጣለው፣ የወሰደው፣ ልዩነቱ። ያንን አራተኛ ወር በዚህ መንገድ እንየው። ገና ያልወጣላቸው ስድስት ሰዎች አራት አራት ሺህ ጥለዋል፤ እቁቡ 24,000 ብር አለባቸው ማለት ነው፣ ማለቴ ለእነሱ አለበት። ከወሰዱት አራቱ ሦስቱ አራት ሺህ ጥለው አሥር ሺህ ወስደዋል፣ እያንዳንዳቸው 6,000 ይቀርባቸዋል፣ በድምሩ 18,000። ያ ልጅ ግን የጣለው ሦስት ሺህ ስለሆነ 7,000 ይቀርበታል። 18 እና 7፣ 25 ሺህ። ከ24 ሺህ ጋር አይገጥምም፣ ሺህ ብር ይበልጣል። እሷ የኔ ናት! «ጸሐፊው ያበደረው» ተብላ በራሷ መስመር መጻፍ ነበረባት፣ ከመዋጮዬ ጋር ሳትቀላቀል። ያኔ ሁለቱም ጎን 25,000 ሆኖ ይገጥማል። ሳጥን ውስጥ ያልተከፈለ ብር ካለ ደግሞ ልዩነቱ በትክክል ያን ያህል መሆን አለበት። ቅጣት ካላችሁ ለብቻው ይጻፍ፣ መዋጮ ውስጥ ከገባ ሒሳቡን ያጨማልቀዋል።

ግን ይሄም የማይዘው ስህተት አለ። የአንዱን ብር በሌላው ስም ብጽፈው ድምሩ ምንም ሳይል ይገጥማል። ለዚህ ያገኘሁት መላ የየሰዉን ቁጥር እጣ ከመውጣቱ በፊት ጮክ ብሎ ማንበብና ማስፈረም ነው። ትንሽ ያሰለቻል፣ ሰዉ ቡናው እንዳይቀዘቅዝበት ይቸኩላል፣ ይሁን።

ሺህ ብሬን? ልጁ እስካሁን አልሰጠኝም። ዋሱን እንዳልጠራ፣ ዋሱ እኔው ነኝ።